ለህዳር ያለሽ ሠላሳ ፖስት አይደለም፣ አሥራ አንድ ነው

«ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ልጆች የሚውሉበት ትንሽ ማዕከል ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። 14 ልጆች አሉን። የማኅበራዊ ሚዲያ ሠራተኛ ስለሌለን ፌስቡኩም፣ ቴሌግራሙም፣ ቲክቶኩም እኔ ላይ ነው። ማክሰኞ ከሰዓትና ዓርብ ጠዋት፣ ሲበዛ በሳምንት 5 ሰዓት አገኛለሁ። የቦርድ ሰብሳቢያችን በየቀኑ ፖስት ይውጣ ይላሉ። የበዓል መልእክት፣ ምስጋና፣ ትምህርት፣ የልጆች ታሪክ፣ የድጋፍ ጥሪ፣ ሁሉንም ይፈልጋሉ። አሁን በጣም ያስጨነቀን የልጆቹ ሰርቪስ ነው፤ በወር 42,000 ብር እንከፍላለን። የህዳርን ሙሉ ዕቅድ አውጪ ተብያለሁ። ከየት ልጀምር? እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»
በሁለት ወንበር የተቀመጥኩት

እህቴ፣ መጀመሪያ ካላንደሩን እጠፊው። ወረቀትና ካልኩሌተር አውጪ። ሒሳብ ሠራተኛ መሆንሽ እዚህ ላይ በደንብ ይጠቅምሻል። ብዙ ሰው ሠላሳ ባዶ ሳጥን ያሰምርና በምን ልሙላው ብሎ ይጨነቃል። አንቺ ያለሽን ሰዓት አስቀድመሽ ቁጠሪ። ሰዓቱ ስንት ፖስት እንደሚችል ያን ጊዜ ይታይሻል።

በሳምንት 5 ሰዓት ማለት በወር 20 ሰዓት ነው። ከዚህ ላይ ኮሜንትና ኢንቦክስ ለመመለስ በሳምንት አንድ ሰዓት ቀንሺ። ይሄን ሁሉም ይረሳዋል። «ልጄን እናንተ ጋ ማስገባት እችላለሁ?» ብላ የጻፈች እናት ሳምንት ሙሉ መልስ ካጣች፣ ፖስቱ ባይወጣ ይሻል ነበር። 16 ሰዓት ቀረ። ሌላ 3 ሰዓት ለድንገተኛ ነገር ያዢ። መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ኦዲተር ይመጣል። በእጅሽ የሚቀረው 13 ሰዓት ነው።

አሁን እያንዳንዱ ዓይነት ፖስት ስንት ሰዓት እንደሚበላ እንገምት። የኔን ልምድ ልንገርሽ፤ አንድ ወር ሠርተሽ ከራስሽ ጋር ታስተካክዪዋለሽ። በጣም ውዱ የሰው ታሪክ ነው፤ ፈቃድ ጠይቀሽ፣ አብረሽ ተቀምጠሽ አውርተሽ፣ ጽፈሽ፣ መልሰሽ አሳይተሽ፣ አርመሽ ሦስት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ትምህርት የሚሰጥ አጭር ቪዲዮ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ይሄውም ሦስቱን ባንድ ቁጭታ ከቀረጽሽ ነው። የወሩ የሥራና የገንዘብ ሪፖርት ለሌላ ሰው ግማሽ ቀን ነው። አንቺ ግን መዝገቡ እጅሽ ላይ ስላለ በአንድ ሰዓት ትጨርሺዋለሽ። የድጋፍ ጥሪ 40 ደቂቃ፣ ከማዕከሉ ውሎ የተነሳ አንድ ፎቶ ከሁለት መስመር ጽሑፍ ጋር 20 ደቂቃ።

ሁለት ታሪክ 7 ሰዓት፣ ሦስት ትምህርት 3 ሰዓት፣ አራት የውሎ ፎቶ 1 ሰዓት ከ20፣ አንድ ሪፖርት 1 ሰዓት፣ አንድ የድጋፍ ጥሪ 40 ደቂቃ። ደምሪው፣ ልክ 13 ሰዓት ይመጣል። አሥራ አንድ ፖስት ማለት ነው። ለሰብሳቢያችሁ ይዘሽ የምትገቢው ይሄንን ወረቀት ነው። «በየቀኑ ይውጣ» ሲሉ «አይቻልም» አትበያቸው። «እሺ፣ ከነዚህ የትኛው ይውጣልዎት?» በያቸው። ለቦርድ ሰው ክርክር አያስፈልገውም፣ ሒሳብ ያሳምነዋል።

ስንት ስንት ይሁኑ የሚለውን ብዙ ሰው በመቶኛ ያካፍላል፤ ይሄን ያህል ትምህርት፣ ይሄን ያህል ታሪክ እያለ። እኔ ቅደም ተከተሉ ይበልጣል እላለሁ። እያንዳንዱ ዓይነት የሚያገኘው ሰው የተለያየ ነው። ትምህርቱን የማያውቁሽ ወላጆች እርስ በርስ ይላላኩታል፤ አዲስ ሰው የሚመጣልሽ በዚያ ነው። ታሪኩ የመጣውን ሰው ያቆየዋል። ሪፖርቱን የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው፤ ያ ጥቂት ሰው ግን ገንዘብ የሚሰጠው ነው። የውሎ ፎቶ ቤቱ እንዳልተዘጋ ይናገራል፣ ከዚያ በላይ አትጠብቂበት። የድጋፍ ጥሪው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ሲመጣ ነው የሚሰማው። በወር አንድ ጊዜ ብቻ ያደረግኩትም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ዕቅዱን ከኋላ ጀምረሽ አውጪው። የህዳር 2019 ትልቁ ቀንሽ ህዳር 24 ሐሙስ ነው። በፈረንጅ ዲሴምበር 3፣ ዓለም አቀፍ የአካል ጉዳተኞች ቀን። የሰርቪሱን ጥሪ እዚያ ላይ አስቀምጪው። ሁለት ቀን ቀድሞ ህዳር 22 ማክሰኞ ስለ ሰርቪሱ የሚያወራ ታሪክ ይውጣ። ያን ማክሰኞ አሜሪካ ውስጥ «ጊቪንግ ተስደይ» የሚሉት የመስጠት ቀን ነው። ገንዘብ ጠይቂበት የሚልሽ ሰው አይጠፋም። አልስማማም። የዚያን ቀን ሁሉም ድርጅት ስለሚጠይቅ የናንተ ድምፅ ይዋጣል። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ የቆዩ ደጋፊዎች ካሏችሁ ግን ታሪኩን ለየግላቸው ላኪላቸው።

ወደ ወሩ መጀመሪያ እንመለስ። ህዳር 3 ሐሙስ የጥቅምት ሪፖርት ይውጣ፤ ምን ገባ፣ ለምን ወጣ፣ ስንት ልጅ ስንት ቀን መጣ። ህዳር 5 ቅዳሜ የውሎ ፎቶ። ህዳር 8 ማክሰኞ የመጀመሪያው ትምህርት፣ ህዳር 10 ሐሙስ የመጀመሪያው ታሪክ። ህዳር 15 ማክሰኞ ሁለተኛው ትምህርት። ህዳር 17 እና 19 ፎቶ። 22 ታሪክ፣ 24 ጥሪ። ህዳር 26 ቅዳሜ ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃደኞች ቀን ስለሆነ አራተኛው ፎቶ የበጎ ፈቃደኞቻችሁ ይሁን። ሦስተኛው ትምህርት 29 ማክሰኞ። አየሽ፣ ከጥሪው በኋላ ሌላ ጥሪ የለም።

ህዳር 12ን ለምን ዘለልሽው ይሉሻል። ሚካኤል ነው። የኔ አቋም ይሄ ነው፦ ለአንዱ ንግሥ መልካም በዓል ካላችሁ ለሌላውም ማለት አለባችሁ፤ የሁሉንም እምነት በዓል ከጀመራችሁ ደግሞ ወሩ በሥዕል ካርድ ያልቃል። ለሁሉም ቤት የሚገቡትን ጥቂት ትልልቅ በዓላት ምረጡና ዝርዝሩን ቦርዱ አንድ ጊዜ ያጽድቀው። ከዚያ በኋላ በየወሩ መከራከር አይኖርም።

ሰዓትሽን የሚያድንልሽ የወሩን ፎቶና ቪዲዮ ባንዴ የምትሰበስቢበት አንድ የመልቀሚያ ቀን ነው። ጥቅምት 24 ማክሰኞ ከሰዓትን ለዚህ ብቻ ስጪው፤ ሰዓቱ ከ13ቱ ላይ ይታሰባል። ስልክሽን ቻርጅ አድርጊ፣ ቦታ አስለቅቂ፣ ከመግባትሽ በፊት የምታነሺውን ጻፊ። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለ እጅ፣ ጎማ፣ የምሳ ዕቃ፣ ሰርቪሱ በር ላይ ሲቆም፣ ፊዚዮቴራፒስቷ ስትሠራ። ፊት የማይታይባቸው ፎቶዎች ይብዙ፤ እነዚህ ለማንኛውም ጊዜ ይሆናሉ። ቪዲዮው ስልኩ ቆሞ ይቀረጽ፤ ቲክቶክም ላይ ቴሌግራምም ላይ ያለ ችግር ይገባል። ድምፁ ላይ ተጠንቀቂ። ምስሉ ቢደበዝዝ ሰው ያያል፣ ድምፁ ካልተሰማ ግን ያልፈዋል። የጆሮ ማዳመጫሽን ማይክ ፊዚዮቴራፒስቷ ልብስ ላይ ብትሰኪው ይበቃል።

ሦስቱን ትምህርት እንዲህ አስቢያቸው። አንዱ ልጅን ስለ ማብላት ይሁን። ልጁ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ አንገቱ ወደ ኋላ አይንጋለልም፤ አገጩ ትንሽ ወደ ደረቱ ዘንበል ይላል። የሚያበላው ሰው ከልጁ ዓይን ትይዩ ይቀመጣል። ቆሞ ካበላው ልጁ ቀና ይልና አንገቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ያኔ ምግቡ ወደ አየር ቧንቧ ሊገባ ይችላል። እናቶች ይሄን ሲያዩ «ለካ ለዚህ ነው ትን የሚለው» ይላሉ፤ ወዲያው ለጎረቤት ይልካሉ። ሁለተኛው ልጁን ወገብ ሳይጎዳ ስለ ማንሳት፦ ጉልበት አጥፎ፣ ልጁን ደረት ላይ አስጠግቶ። ሦስተኛው ሐኪም ጋ መቼ ይኬድ የሚለው፤ ለምሳሌ 4 ወር አልፎት አንገቱ ያልጸና ሕፃን መታየት አለበት። የሚናገረው ባለሙያው ይሁን፣ አንቺ አትናገሪ። ከመውጣቱ በፊትም ባለሙያው ደግሞ ይየው። ሲቆረጥ ትርጉሙ የተለወጠ ምክር አይቻለሁ።

የልጆች ታሪክ ላይ ቀስ በይ። ብዙ ማዕከል ልጁ ሲመዘገብ ወላጅ የፎቶ ፈቃድ ያስፈርማል። ወረቀቱ አለ፣ ፈቃዱ ግን የለም። እናትየው «እምቢ ካልኩ ልጄን አይቀበሉትም» ብላ ፈርማ ይሆናል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ታሪክ እንደ አዲስ ጠይቂ። ጠያቂዋ ሥራ አስኪያጇ አትሁን፤ እናቲቱ የምትቀርባት ሞግዚት ትሁን። መልሱን በማግስቱ ተቀበሉ። ስትጠይቁ ስልክሽ ላይ ያለ የድሮ ፖስት አሳዩአት፤ «ይሄን የሚመስል ነው፣ ጎረቤትሽም የባልሽ ወገንም ሊያየው ይችላል» በሏት። ተጽፎ ሲያልቅ አንብቡላት። ልጁም እንደ አቅሙ ይጠየቅ፤ ካሜራ ሲያይ ፊቱን የሚያዞር ልጅ መልሱን ሰጥቷል። ስም፣ ሰፈር፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም አይታይ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጠበቅ አድርጎ ነው የሚይዘው፤ «ሴሬብራል ፓልሲ አለበት» ከፎቶ ጋር ሲወጣ የጤና መረጃ ነው።

ለዚህ ነው ሁለተኛውን ታሪክ ከልጆቹ ያወጣሁት። የሰርቪሱን ሾፌር ወይም ረዳቱን አነጋግሪ። ጠዋት በስንት ሰዓት ይነሳል? ወንበሩን የት ያጥፈዋል? መንገዱ መኪና የማያስገባበት ቤት ላይ ልጁን ማን ተሸክሞ ያወጣል? የሱ ታሪክ ሰርቪሱ ለምን ውድ እንደሆነ ሳይለምን ያስረዳል። የማንንም ልጅ ፊት አላወጣሽም።

በሁለተኛው ቀን የሚመጣው ጥሪ ያኔ ማስረዳት አይጠበቅበትም። ሒሳቡን ብቻ ያስቀምጣል። 42,000 ለ14 ልጅ ሲካፈል ለአንድ ልጅ በወር 3,000 ነው። በወር 20 ቀን ይመጣሉ ብንል በቀን 150። ጽሑፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ማክሰኞ ሾፌራችንን አስተዋውቀናችሁ ነበር። አንድ ልጅ ከቤቱ አምጥቶ ለመመለስ በቀን 150 ብር እንከፍላለን። የአንድ ልጅ የወር ሰርቪስ 3,000 ብር ነው። የታህሳስን የ14 ልጆች ሰርቪስ ለመሸፈን ድጋፋችሁን እንጠይቃለን። ስትልኩ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ‘ሰርቪስ’ ብላችሁ ጻፉ። ምን ያህል እንደገባ ታህሳስ 1 እዚሁ እናሳውቃለን።»

«ሰርቪስ» የሚለው ቃል ለአንቺ ነው። የባንክ ስቴትመንት ስታወጪ ከዚያ ፖስት የመጣው ገንዘብ ለብቻው ይታይሻል። ላይክ እየቆጠሩ ከመገመት ያድንሻል።

ማታ 2 ሰዓት ላይ ይውጣ። እዚህ ሰው እራት በልቶ ስልኩን የሚያነሳበት ነው፤ ህዳር ላይ ዋሽንግተን ከእኛ 8 ሰዓት ስለምትዘገይ እዚያ ደግሞ እኩለ ቀን፣ የምሳ ዕረፍት ነው። ፌስቡኩን በሜታ ቢዝነስ ስዊት የወሩን ባንዴ ማስገባት ትችያለሽ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ የመላኪያዋን ቀስት ጫን አድርገሽ ስትይዣት Schedule Message የሚል ይመጣል። ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ማታ 2 ሰዓትን 20:00 ብለሽ ነው የምትሞይው። 2:00 ብለሽ ከተውሽው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይወጣል። ሳትስቂ አንብቢው፣ እኔም ሠርቼዋለሁ።

ሦስቱን ገጽ ለየብቻ አትመግቢ። አንድ ጽሑፍ ለፌስቡክና ለቴሌግራም ይበቃል። ቲክቶክ ላይ ሦስቱ የትምህርት ቪዲዮ ብቻ ይውጡ፤ ሪፖርትና የድጋፍ ጥሪ እዚያ ቦታቸው አይደለም። በወር ሦስት ቪዲዮ ለቲክቶክ ትንሽ ነው ይሉሻል። እውነት ነው፣ ትንሽ ነው። 13 ሰዓትም ትንሽ ነው።

ዕቅዱን ግድግዳ ላይ ለጥፊው፤ ጉግል ሺት ላይም ቢሆን ይሁን፣ ግን ሞግዚቶቹ የሚያዩት ቦታ ላይ ይኑር። ከቀንና ከርዕስ ሌላ ሁለት ዓምድ አይቅሩበት፤ «ምን ይጎድለዋል?» እና «ፈቃድ አለ?» የሚሉ። አምስት ቀን ሲቀረው ፈቃድ ያላገኘ ታሪክ ከዕቅዱ ይወጣል፣ ክርክር የለም። በቦታው ከመጠባበቂያ ይገባል። መጠባበቂያ የምልሽ ቀን ያልተቆረጠላቸው፣ ፊት የሌለባቸው ሁለት ዝግጁ ፖስቶች ናቸው። ከመልቀሚያው ቀን ፎቶ ታገኚላቸዋለሽ። ሥራ ሲበዛብሽ መጀመሪያ የሚታጠፈው የውሎ ፎቶ ነው፣ ከዚያ የመጀመሪያው ታሪክ። ሪፖርቱ በፍጹም አይታጠፍም።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሴ። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ማዕከል የሳምንቱን ፖስት አስቀድሜ ሞልቼ ወደ ክፍለ ሀገር ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ከልጆቻችን አንዱ ዐረፈ። ማታ ላይ ግን ልጆች ሲስቁ የሚታዩበት ፎቶ «ደስ የሚል ቀን ነበር» ከሚል ጽሑፍ ጋር ወጣ። እኔ ኔትወርክ የለኝም፤ ሌላ ሰው የይለፍ ቃሉን አያውቅም። የልጁ አባት አየው። ለቤተሰቡ ምን እንዳልኩ ዛሬም አላስታውስም። ከዚያ ወዲህ አስቀድሞ የተሞላ ፖስት ባለበት ቦታ ሁሉ ሁለተኛ ሰው እንዲኖር አደርጋለሁ፤ ማስቆም ብቻ የሚያውቅ። ለአንቺ ሥራ አስኪያጇ ልትሆን ትችላለች። እንዴት እንደሚሰረዝ ስልኳ ላይ አሳይተሽ አንዴ ራሷ ትሞክረው።

ወሩ ሲያልቅ ሦስት ነገር ብቻ ተመልከቺ። ትምህርቱን አይተው ስንት ወላጆች ደወሉ ወይም ጻፉ? «ሰርቪስ» ተብሎ ስንት ብር ገባ? ለየትኛው ፖስት ካሰብሽው በላይ ሰዓት ወጣ? ታሪክ ሦስት ሰዓት ተኩል ሳይሆን አምስት ሰዓት ከወሰደብሽ ለታህሳስ አንድ ታሪክ ብቻ ያዢ። የተረፈውን ሰዓት ለትምህርት አውዪው።

ታህሳስ 1 ሐሙስ ነው፤ ቃል የገባሽበት ቀን። ገንዘቡ ባይሞላም ሪፖርቱ ይውጣ። 27,000 ብቻ ገብቶ ከሆነ «የ9 ልጆች የታህሳስ ሰርቪስ ተሸፍኗል፣ የ5 ልጆች ይቀራል» ብለሽ ጻፊው።